ከፍ ያለው ወንበር

የካቲት 30፣ 2016፣ ቅዳሜ

ደብተሩን ያመጣችልኝ ልጄ ሰብሊ ናት። «እማዬ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ከምትጮኺ እዚህ ላይ ጻፊ» አለችኝ። እሷ አውሮፕላን ማረፊያ በፈረቃ ነው የምትሠራው፤ እኔ ቀኑን የማሳልፈው ከግድግዳው ጋር ነው።

ግራ ዳሌዬ ከተቀየረ ሦስት ሳምንት ሆነው። መገናኛ ከታክሲ ስወርድ ረዳቱ «ቶሎ ቶሎ» አለ፤ በስድሳ ስድስት ዓመቴ እንደ ወጣት ዘለልኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የሰው ጫማ ብቻ ነው። ሐኪሙ የተሰበረውን አውጥቶ ብረት ተካበት። ፊዚዮቴራፒ የሚያሠራኝ ቀነኒሳ የሚባል ልጅ ሕጎቹን በወረቀት ጽፎ ፍሪጁ ላይ ለጥፎልኛል። ጉልበቴ ከዳሌዬ በላይ ከፍ እንዳይል። ወደ መሬት እንዳላጎነብስ። እግሬን እንዳላነባብር። በታመመው እግሬ ቆሜ እንዳልዞር። ዝቅ ያለ ነገር ላይ እንዳልቀመጥ። ስተኛ በእግሮቼ መሐል ትራስ። ይሄ ሁሉ እስከ ሦስት ወር።

ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። ስቅለት ሚያዝያ 25 ነው። በጣቴ ቆጠርኩት፤ ሦስት ወሩ የሚያልቀው ከስቅለት ሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሁለት ሳምንት!

«ስግደትስ?» አልኩት ቀነኒሳን።

«እማማ፣ ስግደት ማለት እኮ ወረቀቱ ላይ ያለውን በሙሉ በአንድ ጊዜ መጣስ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

መጋቢት 2፣ ሰኞ

ጾም ገባ።

በዚህ ደብር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሁዳዴ ጠዋት አርባ አንድ፣ ማታ አርባ አንድ ሰግጃለሁ። በስቅለትማ የሰፈሩ ሴቶች «ስፕሪንጓ» ይሉኛል። ፊት ለፊቴ አይሉም፤ ግን እሰማለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፤ እዚህ ላይ መዋሸት ምን ያደርግልኛል።

ዛሬ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ «ኪርያላይሶን» እያልኩ ራሴን አርባ አንዴ ነቀነቅሁ። እንደ እንሽላሊት። ሲያልቅ ምንም የሠራሁ አልመሰለኝም። መሬት ያልነካ ግንባር ምኑ ይቆጠራል?

መጋቢት 6፣ ዓርብ

ጎረቤቴ እንቁ ልትጠይቀኝ መጣች። ቤተ ክርስቲያን ማን እንዳለ፣ ማን እንደቀረ ስታወራ ቆየችና «ኦብሴም እንደቀረች ዓመቷ ሊሞላ ነው» አለች።

«ልጇ ጋ ሄዳ ይሆናላ» አልኩ።

እንቁ አየችኝ። ከዚያ ስለ ሽሮ አወራን።

ኦብሴ የድሮ የገርጂ ሰው ናት። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት ሰፈሩ የአባቷ እርሻ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናችን የቆመበት ቦታ ጤፍ የሚወቁበት አውድማቸው ነበር ይላሉ። ስኳር ይዟት የቀኝ እግሯ ጣቶች ተቆርጠዋል። ለምን እንደቀረች እኔ በምን አውቃለሁ።

መጋቢት 8፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ! እሑድ ስግደት ስለሌለ እሑድ እንደ ሰው ነኝ። ሁሉም ይቆማል፤ መቆም ደግሞ እኔ የሚያቅተኝ አይደለም። የአውሮፕላን ምግብ በሚዘጋጅበት ኩሽና ሃያ ስምንት ዓመት ቆሜ ትሪ የቆጠርኩ ሴት ነኝ።

ክራንቹን ግን ጠላሁት። «በሽተኛ መጣች» እያለ ከፊቴ ይሄዳል። በር ላይ ትቼው የእንቁን ባል መቋሚያ ተውሼ ገባሁ። ሦስተኛው እርምጃ ላይ የመቋሚያው ጫፍ ብረቱ ምንጣፉ አልቆ ሴራሚኩ ከሚጀምርበት ላይ ሸርተት አለ። እንቁ በብብቴ ባትይዘኝ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ከሆስፒታል ነበር።

ለቀነኒሳ በስልክ ነገርኩት። አልተቆጣም፤ አለመቆጣቱ ይበልጥ አናደደኝ። «እማማ፣ ጎማ ያለው ክራንች ለመሄጃ ነው። መቋሚያውን ቦታዎ ደርሰው እግርዎ ከተተከለ በኋላ ይደገፉበት፤ ለመሄጃ አልተሠራም። ሁለቱንም ይያዙ» አለኝ። ሁለቱንም ይዤ ልግባ? ሰልፍ ልወጣ ነው እንዴ?

ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ሲል፣ የተቀመጣችሁ ተነሡ ማለቱ ነው፣ ዓይኔ ሳላስበው ወደ ግድግዳው ሥር ሄደ። ኦብሴ ድሮ የምትቀመጥበት አካባቢ። ማንም የለም።

መጋቢት 13፣ ዓርብ

አጭር ነው የምጽፈው።

ሰብሊ ሥራ ሄደች። ፍራሹን ከአልጋው ጎትቼ መሬት ላይ ዘረጋሁት። ፍራሽ ለስላሳ ነው፤ ዝቅታውም ትንሽ ነው፤ አንድ ብቻ፣ አልኩ። በደህናው ጉልበቴ ወረድኩ። ግራ እግሬን ወደ ኋላ ዘረጋሁ። ግንባሬ ፍራሹን ነካ። ነካ! ከዚያ መነሣት አቃተኝ።

ሁለት ሰዓት ከሩብ። በደረቴ ተኝቼ የጎረቤት ሬዲዮ ስሰማ ቆየሁ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ሰብሊ ስትገባ ጮኸች። መቁጠሪያዬ ወድቆብኝ ላነሣ ነው አልኳት። «ፍራሹስ? ፍራሹም ወድቆ ነው?» አለችኝ። በጾም ዋሸሁ፤ ያውም በመቁጠሪያ።

ዳሌው አልወለቀም። ቀነኒሳ መጥቶ አይቶታል።

መጋቢት 22፣ እሑድ፣ መፃጉዕ

ዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ የኖረው የዚያ በሽተኛ እሑድ ነው። ሰባኪው ስለ መፈወሱ አወራ። እኔን የያዘኝ ሌላው ነው፤ ውኃው ሲናወጥ የሚያስገባኝ ሰው የለኝም ያለው። ያን ሁሉ ዓመት ሰው በአጠገቡ ያልፍ ነበር። አንዳንዱም ተራምዶት አልፎ ይሆናል።

የኦብሴን ነገር ልጽፈው ነው። ብዙ አይደለም፤ አንድ ቃል ነው የተናገርኳት። ያለፈው ዓመት ስቅለት ዕለት ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሯን ይዛ መጥታ ልክ ከፊቴ ተቀመጠች። ስንሰግድ ግንባሬ የሚያርፈው ከእግሯ ሥር ሆነ። አስቡት፤ ስወድቅ እግሯ፣ ስነሣ ጀርባዋ። «ኦብሴ፣ ላንቺ ነው እንዴ የምንሰግደው?» አልኳት። ይሄው ነው። አጠገቤ የነበሩት ሳቁ። እኔ እንዲስቁ ብዬ አይደለም።

እውነትም ቦታው ልክ አልነበረም።

መጋቢት 25፣ ረቡዕ

በአዘቦት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሄድኩ፤ ስግደት ባለበት ቀን። የቤተ ክርስቲያኑ አግዳሚ ዝቅ ያለ ነው፤ እሱ ላይ ከተቀመጥኩ ጉልበቴ ከዳሌዬ በላይ ይወጣል። ስለዚህ ሰብሊ የምግብ ጠረጴዛችንን አንዱን ወንበር ወስዳ ገርጂ አናጢ ጋር እግሩ ላይ አንድ ስንዝር አስቀጥላበታለች። ባጃጅ ላይ ጭነን ይዘነው መጣን።

ጌታ ሆይ! ሰው ሁሉ መሬት ላይ ሲወድቅ እኔ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ከላይ ተኮፍሼ። አንድ መቶ ራስ ከበታቼ። ልደበቅ ብል የት ልደበቅ? ራሴን ዝቅ ሳደርግ ገና ከሌላው በላይ ነኝ።

ከኋላዬ አንዲት ወጣት ለጓደኛዋ «ሥዕሉ አይታየኝም፣ እማማ ከልለውኛል» ስትል ሰማሁ። በክፋት አይደለም የተናገረችው። ወጥቼ ዛፉ ሥር ቆምኩ። ባጃጁ እስኪመጣ አለቀስኩ፤ በነጠላዬ ስለተሸፈንኩ ማንም አላየም።

ሚያዝያ 3፣ ሐሙስ

የንስሐ አባቴ አባ ስብሓት ቤት መጡ። ሰብሊ ናት የጠራቻቸው፤ እኔ ብሆን አልጠራቸውም። ምን ልላቸው? ስፕሪንጓ ተሰበረች ልበል?

ፍሪጁ ላይ ያለውን የቀነኒሳን ወረቀት እንደ መጽሐፍ ቆመው አነበቡት። ከዚያ ተቀመጡና «እስኪ ምንድን ነው የሚያስጨንቅሽ ወለተ ኪዳን?» አሉኝ በክርስትና ስሜ።

«አባቴ፣ ስቅለትን ሳልሰግድ ላሳልፍ ነው።»

«ማን አለሽ?»

«ሐኪሙ።»

«ሐኪሙ መሬት አትውረጂ ነው ያለሽ። አትስገጂ አላለሽም። ስግደት ሦስት ዓይነት ነው። ግንባርን ምድር አስነክቶ መውደቅ አለ፤ ሰጊድ ነው። ጉልበትን ማንበርከክ አለ፤ አስተብርኮ ነው። ቆሞም ሆነ ተቀምጦ ራስን ማዘንበል አለ፤ አድንኖ ነው። ዲያቆኑ በቅዳሴ ‹አድንኑ አርእስቲክሙ› ሲል ምን ታደርጊያለሽ?»

«ራሴን ዝቅ አደርጋለሁ።»

«ጤነኛውስ?»

«እሱም።»

«ታዲያ ያ ስግደት ካልሆነ ያን ያህል ዘመን ምን ስናደርግ ኖርን?»

እሳቸው በዝርዝር ነገሩኝ። በእያንዳንዱ ኪርያላይሶን እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ወገቤን ሳላጥፍ፣ አንገቴን ዝቅ። ወንጌል ሲነበብ በክራንቹ ተደግፌ ከቻልኩ እቆማለሁ፤ ከደከመኝ ተቀምጬ እሰማለሁ። ሌላው ሲወድቅ እኔ አዘነብላለሁ፤ ሌላው ሲነሣ እኔም ቀና። «ቁጥሩ ያው፣ ጊዜው ያው፤ የሚለየው ቁመቱ ብቻ ነው» አሉኝ። በስቅለት ማምሻ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ትከሻችንን ቸብ እያደረጉ ለእያንዳንዱ የሚሰጡትንም የስግደት ቁጥር ለእኔ በጸሎት እንደሚለውጡልኝ ነገሩኝ።

ከዚያ የፍራሹን ነገር ነገርኳቸው። ሰሙና «እሱ ስግደት አይደለም፤ እልህ ነው» አሉ።

አመመኝ። ግን ልክ ናቸው።

ሊነሡ ሲሉ «ሌላስ?» አሉኝ።

«የለም።»

አልተነሡም። «ካለ አሁን ነው። በሰሙነ ሕማማት ኑዛዜ አልቀበልም፣ መስቀልም አላሳልምም፤ ታውቂያለሽ። ከሆሳዕና በፊት ነው።»

የኦብሴን ነገር አወራኋቸው። አንዱን ቃል። ቃሉን ብቻ። ቀና ብለው አዩኝና «በአንድ ቃል ዓመት ቀረች?» አሉ።

«ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያት፤ ከዚያ ወደ እኔ ነይ» ብለው ወጡ።

ሚያዝያ 10፣ ሐሙስ

አልሄድኩም። ዝናብ ነበር። ማክሰኞም ዝናብ ነበር። ረቡዕ ዝናብ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይቅርታ እንዲሁ በአፍ አይጠየቅም። በልጅነቴ እናቴ ከአክስቴ ጋር ስትታረቅ አይቻለሁ፤ እግሯ ላይ ወድቃ ጉልበቷን ይዛ ነው። ይቅርታ ማለት ያ ነው። እኔ ደግሞ መውደቅ አልችልም። ቆሜ «ይቅርታ» ብላት ልዘባበትባት የመጣሁ ይመስላታል። ግንቦት ሲገባ፣ ዳሌዬ ሲጠና፣ እንደ ወጉ ወድቄ እጠይቃታለሁ። እንዲህ አስቤ ሰላም አገኘሁ።

ይህንኑ ለሰብሊ ነገርኳት። ዩኒፎርሟን እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አቆመችና «እማዬ፣ ለእግዚአብሔር አንገትሽን ዝቅ ማድረግ በቂ ነው ተባለ፤ ለኦብሴ ነው በቂ ያልሆነው? ኦቨር አታድርጊዋ» አለችኝ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» አልኳት። ካውያውን አንሥታ ቀጠለች።

ሚያዝያ 16፣ ረቡዕ፣ ማታ

እንቅልፍ የለም። ሆሳዕና እሑድ ነው። ሁሉንም ልጽፈው።

አንድ ቃል አልነበረም። «ላንቺ ነው እንዴ የምንሰግደው?» ስላት ኦብሴ አልመለሰችም። ወንጌል ሲነበብ እሷም እንደ ሰው ልትቆም ምሰሶውን ይዛ ተነሣች። ያኔ ወንበሩን አንሥቼ ለአስተናባሪው ሰጠሁት። «ባለቤት የለውም፣ ቦታ ይዟል» አልኩት። ንባቡ አልቆ ልትቀመጥ እጇን ወደ ኋላ ስትልክ ወንበሩ የለም። እጇ አየሩን ሲፈልግ አይቻለሁ። ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ሰገድኩ። ሰገድኩ! ቶሎ ቶሎ፣ ዓይኗን ላለማየት። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ጣት በሌለው እግሯ ምሰሶውን አቅፋ ቆመች። ስግደቴን ቆጥሬ ነበር፤ ስድስት መቶ አርባ። ቤት ገብቼ ለሰብሊ ተኩራርቼ ነግሬያታለሁ።

ያ ስድስት መቶ አርባ የት እንደሚጻፍ አላውቅም። እፈራለሁ።

ሚያዝያ 17፣ ሐሙስ

ሄድኩ።

የኦብሴ ቤት ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ነው፤ ከአባቷ መሬት የቀረ ግቢ። ሰብሊ እስከ በሩ ደግፋ አድርሳኝ ውጭ ቀረች። ኦብሴ ዱካ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ቀና ብላ አየችኝ፤ ክራንቹን አየች፤ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው።

«ኮቱ፣ ግቢ ፈለቀች» አለች። «ቁጭ በይ።»

ሌላ ዱካ አለ፤ ከመሬት አንድ ክንድ አይሞላም። «መቀመጥ አልችልም» አልኳት። «ዝቅ ካልኩ ዳሌዬ ይወልቃል።»

ስለዚህ ቆምኩ። እሷ ታች፣ እኔ ላይ። ለይቅርታ መጥቼ እንደ ፎቅ ከላይዋ ቆሜያለሁ። ያሰብኩት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «ኦብሴ፣ ወንበርሽን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለች።

«እግርሽ ላይ ልወድቅ ነበር የመጣሁት። አልችልም።»

ምስሩን ከጭኗ አወረደች። ዱላዋን ፈልጋ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ ሁለቴ ሞክራ አቃታት። ሦስተኛው ላይ ልይዛት እጄን ዘረጋሁ፤ አልያዘችኝም፤ ራሷ ቆመች። አሁን እኩል ሆንን። እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ፣ አባ እንዳሳዩኝ፣ ወገቤን ሳላጥፍ አንገቴን ዝቅ አደረግሁ። ግንባሬ ትከሻዋ ላይ አረፈ። የምስር አቧራ ይሸታል። «ይቅር በይኝ» አልኳት።

ይቅር ብያለሁ አላለችም። «ወንበሬ የት ደረሰ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ሰማያዊ ነው። የኋላ እግሩ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። ልጄ ነው ያሰረልኝ።» ከዚያ ወደ ዱካዋ ተመለሰች። ለመቀመጥም ሁለቴ ሞከረች።

ወንበሩን ካላገኘሁ አልታረቅንም ማለት ነው? ወይስ ታርቀናል? አንድም ያልገባኝ ነገር የለም ብዬ ነበር የምኖረው።

ሚያዝያ 19፣ ቅዳሜ

ወንበሩ ተገኘ! የሰበካው ሻይ ቤት ውስጥ፣ ፔርሙስ ተደርድሮበት። ሽቦው እንዳለ ነው። ባለቤት አለው ብዬ ፔርሙሶቹን ራሴ አነሣሁ፤ ከዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ጋር ተጨቃጨቅሁ። ደስ አለኝ፤ ከተጨቃጨቅሁ ቆይቼ ነበር።

አባ ስብሓት ሁሉንም ሰሙኝ፤ አሁን ሁሉንም። ፈቱኝ፣ መስቀል ተሳለምኩ። ከዚያ የአስተናባሪዎቹን አለቃ ወንድወሰንን ጠርተው ወንበሮቹ የት እንደሚሆኑ ተነጋገርን። ቁም ነገር ነበር። መሐል ከሆነ ከኋላ ያለው ሰው ሲሰግድ ግንባሩ ተቀማጩ እግር ሥር ይሆናል። ያለፈው ዓመት አፌን ያስከፈተኝ ነገር፣ አፌ ቢበላሽም ነገሩ ውሸት አልነበረም። በር አጠገብ ከሆነ መተላለፊያ ይዘጋል፤ ንባቡም አይሰማም።

«በደቡቡ ግድግዳ ጥግ በአንድ ረድፍ» አሉ አባ። «በሴቶች በኩል ነው፤ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ፤ ከኋላቸው ለስግደት ቦታ የሚይዝ ሰው አይኑር። በየወንበሩ ፊት ክራንች የሚያስገባ ክፍተት ተዉ። ምንጣፉን ጫፉን ለጥፉት፣ እንዳያሸራትት። ከፍ ያለ ወንበር የሚያስፈልገው ሰው ካለ እሱም እዚያው።»

«ስንዞርስ?» አለ ወንድወሰን። በስቅለት ማብቂያ እግዚኦታው በአራቱም አቅጣጫ መቶ መቶ ጊዜ ነው፤ ምእመኑ በየመቶው ይዞራል።

«ወንበሩን አዙሩላቸው። እግራቸውን አይጠምዝዙ።»

ሰማያዊውን ወንበር ከእኔ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሰብሊን ለኦብሴ እንድትነግራት ላክኋት። «እሺ አለች» አለችኝ ስትመለስ። «እሺ እመጣለሁ ነው ወይስ እሺ ሰማሁ?» አልኳት። «እማዬ፣ እሺ ነው ያለችው።»

ሚያዝያ 21፣ ሰኞ

ሰሙነ ሕማማት። ሰላምታ የለም፤ ሰው ለሰው አይሳሳምም።

ግድግዳው ጥግ ከሰማያዊው ሌላ ሰባት ወንበር ሆነናል። ባይሳ የሚባሉ ዓይነ ስውር ሽማግሌ በዚያኛው በኩል፣ በወንዶቹ ግድግዳ፣ «እኛስ?» ብለው ስለጠየቁ ለወንዶቹም ተደረገ። ሁሉም ሲወድቅ ሰባት ራስ ያዘነብላል። አልለመድኩትም። እንሽላሊቷ ግን ከአእምሮዬ ጠፍታለች።

ሰማያዊው ወንበር ባዶ።

ሚያዝያ 23፣ ረቡዕ

ባዶ። ዝናብም የለም።

ሚያዝያ 24፣ ሐሙስ

ባዶ። እኔ ብሆን እመጣ ነበር? አልመጣም ነበር።

ሚያዝያ 25፣ ስቅለት

ደክሞኛል፤ ግን ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

ጠዋት ስንገባ ቦታው ሞልቶ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ንባቡ ተጀመረ። ሰው እየበዛ ሲመጣ አንዲት ወጣት ወደ ግድግዳው ጥግ ተጠግታ ሰማያዊውን ወንበር ያዘችው። ድምፅዋን አወቅሁት፤ ያቺ ሥዕሉን ከለሉኝ ያለችው ናት። «እማማ፣ ይሄ ባለቤት የለውም አይደል? ላንሣው፤ ለስግደት ቦታ ጠቦናል» አለችኝ።

«ባለቤት የለውም»፤ ቃሉ የራሴ ነው። አንድም ፊደል አልተለወጠም። ክራንቼን ወንበሩ ላይ አጋደምኩበትና «ባለቤት አለው የኔ ልጅ፤ እየመጣች ነው» አልኳት። ውሸት ይሁን እውነት አላወቅሁም። ልጅቷ ይቅርታ ጠይቃ ሄደች፤ እኔ ያለፈው ዓመት ያላደረግሁትን።

ስድስት ሰዓት። በእያንዳንዱ ኪርያላይሶን እጄ ደረቴ ላይ፣ አንገቴ ዝቅ። አንገት እንደዚህ እንደሚያም አላውቅም ነበር። ባዶው ወንበር ፊት አዘነብላለሁ፣ ቀና እላለሁ፤ ባዶ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ዱላ ሰማሁ። ኦብሴ ናት። በሕዝቡ መሐል አይደለም የመጣችው፤ በግድግዳው ጥግ፣ ወንድወሰን በተወው ክፍተት። ለሰላምታ አልተሳሳምንም፤ ቀኑ አይፈቅድም። ክራንቼን አነሣሁ። ከመቀመጧ በፊት እጇን ወደ ኋላ ልካ ወንበሩን ዳሰሰችው። ሽቦውን እስክታገኝ ዳሰሰች። ከዚያ ተቀመጠች። ለምን እንዳለቀስኩ ለመጻፍ አልችልም።

አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ እግዚኦታው ተጀመረ። መቶ ወደ ምሥራቅ። ከዚያ ወደ ምዕራብ፤ ወንድወሰንና ጓደኞቹ እኛን ከነወንበራችን አዞሩን፤ የኦብሴን በቀስታ፣ ሽቦው እንዳይላቀቅ። መቶ ወደ ሰሜን። በመጨረሻ ወደ ደቡብ።

ደቡብ ማለት የእኛ ግድግዳ መሆኑን እኔም፣ አባ ስብሓትም፣ ወንድወሰንም ማንም አላሰበውም ነበር። ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዞሩን። ከኋላችን ያ ሁሉ ሕዝብ ወደ እኛ ዞረ። «ኪርያላይሶን» ተባለ፤ ሕዝቡ ሁሉ በጀርባችን ወደቀ። ግንባሮች ምንጣፉን ሲነኩ ይሰማኛል፤ የልብሳቸው ነፋስ ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ። ከፍ ባለው ወንበሬ ላይ፣ ከሁሉ በላይ፣ ሕዝቡ ሁሉ እግሬ ሥር። ልነሣና ልሸሽ ፈለግሁ፤ ዳሌዬ አላስቻለኝም።

ኦብሴ ራሷን ዝቅ እንዳደረገች፣ ሳትዞር፣ በጆሮዬ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ፈለቀች» አለችኝ። «አሁንስ ላንቺ ነው እንዴ የሚሰግዱት?»

«ለእኔ አይደለም» አልኳት።

«ያኔም ለእኔ አልነበረም» አለች።

ቀና አላልንም፤ ሌላ ኪርያላይሶን መጣ። እጇን ከጉልበቷ አንሥታ የወንበሬ እግር ላይ አሳረፈችው፤ አናጢው የቀጠለው ላይ። መቶው እስኪያልቅ አላነሣችውም። እኔም ቁጥሩ የት እንደደረሰ አላውቅም፤ አልቆጠርኩም።